ሦስት ደብተርና 140 ስክሪንሾት ወደ አንድ ገጽ፦ ከአቤቱታ ጋር የሚያያዝ የቀን ቅደም ተከተል እንዴት ላውጣ?

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 10፣ ምሽት 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ካሸር ነኝ። የሆቴሉን ስም አልጠራም። ሺፍቴ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ግን «ሂሳብ ሳይዘጋ ማንም አይወጣም» ተብለን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እስከ 6 ሰዓት እንቆያለን። ኦቨርታይም አንድ ብር አልተከፈለኝም።

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ሦስት ደብተር ሞልቷል። የቴሌግራም ግሩፑን ደግሞ ስክሪንሾት እያደረግኩ 140 ደርሷል። አሁን አቤቱታ ላስገባ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ «ደብተሩን ይዘሽ ብትሄጂ ማንም አይከፍትልሽም፣ አንድ ገጽ የቀን ቅደም ተከተል አያይዢ» አለኝ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። አራት ገጽ ላይ ቆሜያለሁ። ምኑን ልቁረጠው? ሁሉም የሆነ ነገር ነው።

ከደብተሩ አንድ ቀን ልጻፍላችሁ፦

«ዓርብ። ዛሬም ከ4 እስከ 6። አቶ እንትና ሰው ፊት ጮኸብኝ፣ ገና 200 ብር ጎድሏል ሲባል። በኋላ ተገኘ፣ ይቅርታ የለም። ታክሲ አጥቼ በእግሬ። እግሬ አብጧል። ይሄ ሰውዬ እግዜር ይይለት።»

---

ኤርሚ_ላፍቶ · ሐምሌ 10፣ ምሽት 3:41

አይዞሽ ተረጋግተሽ ሥሪው፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። የሥራ ክርክር ይርጋው አንድ ዓመት ነው። ከጥቅምት ከሆነ ገና ጊዜ አለሽ። ኤክሴል ላይ ገልብጪው፣ በቀን ደርድሪው፣ አለቀ።

---

ራፖር_ጸሐፊ · ሐምሌ 10፣ ምሽት 4:05

እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ስጽፍ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እህቴ፣ ቀን ብቻ መደርደር ዳኛ አያራራም። መግቢያ ያስፈልገዋል። «እኔ አመልካች በላቤና በጉልበቴ ሳገለግል ቆይቼ፣ ሕግ በማያውቅ አለቃ ሰብዓዊ ክብሬ ተገፎ…» ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ ቀኖቹ ይከተላሉ። አራት ገጽ ብዙ አይደለም።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 10፣ ምሽት 4:52

እህቴ፣ እኔ 14 ዓመት ፐርሶኔል ሠርቻለሁ። ይኼኔ ኤች አር ይሉታል። እንዲህ ያለውን ወረቀት በአሠሪ በኩል ሆኜ ስቀበል ነው የኖርኩት። ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን እንዴት እንደሚነበብ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ግን ኤርሚ ያለውን ላርም፣ የምትቸኩዪበት ነገር አለና። አንድ ዓመት የሚባለው ጠቅላላው ይርጋ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ግን በስድስት ወር ይታገዳል። የሚቆጠረውም ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚከፈለው በደመወዝ ቀን ነው። ደመወዛችሁ በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ከሆነ የጥር ኦቨርታይም ጥር 30 ይከፈል ነበር። ስድስት ወሩ ሐምሌ 30 ይሞላል። ዛሬ ሐምሌ 10 ነው።

የታኅሣሡ ደግሞ ሰኔ 30 ላይ አልፏል። የጥቅምትና የኅዳሩም እንደዚያው።

ስለዚህ ገጹን ስትሠሪ «ምን ሆነ» ብቻ አትጠይቂ። እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር መመለስ አለበት፦ ማን አዘዘሽ፣ ስንት ሰዓት ቆየሽ፣ መቼ መከፈል ነበረበት። ሕጉ ኦቨርታይም በአሠሪው ትእዛዝ የሚሠራ ነው ይላል። እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ መጀመሪያ የምለው ምን ነበር መሰለሽ? «ማንም አላዘዛትም፣ ሥራዋን በጊዜ ስላልጨረሰች ነው የቆየችው።» የዚህ መልስ እዚያ ገጽ ላይ ከሌለ አራት ገጽም ብትጽፊ ዋጋ የለውም።

ያ ያስነበብሽን ቀን ውሰጂ። ከሱ የሚቀረው ይሄ ነው፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 4 እስከ 6 ሰዓት፣ 2 ሰዓት። እግርሽም፣ ታክሲውም፣ እግዜር ይይለትም ደብተሩ ውስጥ ይቆዩ።

---

ኤርሚ_ላፍቶ · ሐምሌ 10፣ ምሽት 5:03

እሺ፣ ስድስት ወር መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ኤክሴሉ ግን ልክ ነው።

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 10፣ ምሽት 5:10

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ደመወዛችን አዎ በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ነው፣ የባንክ መልእክቱ አለኝ። እኔ ጥቅምት ላይ ነበር ብዙውን ነገር የጻፍኩት። ያ ሁሉ ሄደ ማለት ነው?

የታኅሣሡ ግን አንድ ነገር አለ። መጋቢት ላይ የሰው ሀብት ኃላፊዋን በቴሌግራም ጠይቄያት «የታኅሣሥና የጥር ኦቨርታይማችሁ በሚያዝያ ፔሮል ይገባል» ብላ ጽፋልኛለች። አልገባም እንጂ።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 10፣ ምሽት 5:34

ይሄን ለምን መጨረሻ ላይ ነገርሽን! እዚያ 140 ስክሪንሾት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጥና እንደገና ከዚያ ቀን መቆጠር ይጀምራል። ያቺ መልእክት ሁለት ወር ሙሉ ታድንልሻለች። ታኅሣሥን ከሞተበት ታነሣዋለች። ጥርን ደግሞ ሐምሌ 30 ከሚለው ጭንቅ ታወጣዋለች። ያም ሆኖ በሷ ተማምነሽ አትዘናጊ። ከሐምሌ 25 በፊት አስገቢ።

ደግሞ ለሆቴሉ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ይርጋ አያቆምም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ለሥራ አስኪያጁ አቤት ይላል፣ «እናየዋለን» ይባላል፣ እያዩት ስድስት ወር ያልፋል። የሚያቆመው ወይ ፍርድ ቤት ወይ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ስታመለክቺ ነው። አቤቱታው ለነሱ ይሁን፣ ለሆቴሉ ግልባጭ አድርጊ።

---

ራፖር_ጸሐፊ · ሐምሌ 11፣ ጠዋት 2:15

ቴሌግራም «በጽሑፍ» ይባላል ወይ? ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው። እኔ ያየሁት ዳኛ አንዱ ተቀበለው፣ ሌላው «ኦሪጅናሉን አምጪ» አለ። ስልኩን ይዞ መቅረብ ነው እንግዲህ።

ደግሞ የጥቅምትና የኅዳሩን አታውጪው። ይርጋን ተከሳሹ ካላነሣው ዳኛው በራሱ አያነሣውም።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 11፣ ጠዋት 2:40

ጠበቃ ያለው ድርጅት ይርጋ ማንሣት ይረሳል ብለህ ነው ወንድሜ? እኛ መልስ ስንጽፍ መጀመሪያ የምንፈልገው እሱን ነበር። አንዱን ያለፈበት ጥያቄ ስናገኝ ሙሉውን አቤቱታ «ያለፈበት» ለማስመሰል ነው የምንሮጠው። እኔ ብሆን ጥቅምትና ኅዳርን በአንድ መስመር «አሠራሩ የተጀመረው ያኔ ነው» ብዬ አነሣዋለሁ፣ ብር አልጠይቅበትም።

ቴሌግራሙ ላይ ግን አልከራከርህም። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። እህቴ፣ ብቻ ስክሪንሾት አትመኚ። ግሩፑ ውስጥ አድሚኑ መልእክት ለሁሉም ሊያጠፋ ይችላል፣ አንቺንም ሊያስወጣሽ ይችላል። ዛሬ ማታ ኮምፒውተር ካገኘሽ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ግሩፑን ከፍተሽ `Export chat history` የሚለውን ተጫኚ። ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያወርድልሻል። የኃላፊዋንም ቻት እንደዚሁ።

---

እናት_ዓለም · ሐምሌ 11፣ ቀን 6:30

እኔ ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። የአራት ወር ደመወዜን ስጠይቅ ለኤጀንሲው ደብተሬን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሰውዬው አንስቶ እንደ ሥጋ መዘነውና «ይሄን ማን ያነበዋል?» አለኝ። ያቺን ቀን እስካሁን አልረሳትም። እንኳን አስቀድመሽ ጠየቅሽ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስድቡን ለምን ታወጣዋለች? ከጠየቀች በኋላ ነው መሰደብ የጀመረችው። እሱም በደል ነው።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 11፣ ቀን 7:12

እማማ እውነትዎን ነው፣ በደል ነው። ግን ያው ገጽ ላይ ሁለት ክስ ከገባ የሚነበበው ቀላሉ ነው። ሱፐርቫይዘሩ «አልጮህኩም» ይላል፣ ክርክሩ ወደ ጩኸት ይዞራል፣ ኦቨርታይሙ ይረሳል። ቀን ያለው፣ ሰው ፊት የሆነ፣ ያም ሰው ምስክር ለመሆን እሺ ያለ ከሆነ አንድ መስመር ትግባ። ከሌለ ለብቻዋ ትታይ።

---

እናት_ዓለም · ሐምሌ 11፣ ቀን 7:20

እኔ አልተስማማሁም። ምስክር የሌለበት ቦታ እየመረጡ ነው የሚሰድቡት።

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 13፣ ቀን 9:45

ቴሌግራሙን አወረድኩት፣ የጎረቤት ላፕቶፕ ለምኜ። ኤርሚ እንዳልከው ኤክሴል ላይ አስገባሁት። በየወሩ የቆየሁባቸው ሌሊቶች እንዲህ መጡ፦ ታኅሣሥ 6፣ ጥር 9፣ የካቲት 8፣ መጋቢት 10፣ ሚያዝያ 11፣ ግንቦት 7፣ ሰኔ 7። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ነው። አሁንም ሁለት ገጽ ተኩል ነው።

ለምሳሌ የመጋቢቱን ልለጥፍ፦

መጋቢት 3፣ ከ4 እስከ 6
መጋቢት 5፣ ከ4 እስከ 6
መጋቢት 10፣ ከ4 እስከ 6
መጋቢት 14፣ ከ4 እስከ 6
መጋቢት 17፣ ከ4 እስከ 6
…

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 13፣ ምሽት 1:30

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ «ከ4 እስከ 6» አትበዪ። ለኛ ለሁለታችን ግልጽ ነው። ፋይሉን የሚያየው ሰው ግን ጎኑ ያለው የቴሌግራም ወረቀት 23:52 ይላል። «ይሄ ከ4 እስከ 6 የምትለው ጠዋት ነው ማታ?» ብሎ ከጠየቀ ተበላሽቷል። «ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ። ገጹ ግርጌ ላይ አንድ መስመር አስገቢ፦ በቴሌግራሙ ላይ 22:00 የሚለው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው ብለሽ። ይሄ ሰዓት ደግሞ ብርም አለበት። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75። ያንቺ ሁሉም ከ4 በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ መጋቢት 14 ምን ቀን ነበር?

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 13፣ ምሽት 1:48

ቀኑን አልጻፍኩትም ጋሼ፣ ከቴሌግራሙ ነው ያገኘሁት። ሱፐርቫይዘሩ «ካሸሮች ዛሬ ጠብቁ» ያለበት።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 13፣ ምሽት 1:55

ካላንደር ላይ እይው እስቲ።

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 13፣ ምሽት 2:31

ኧረ ጉድ!

መጋቢት 14 እሑድ ነው። እኔ ያን ቀን ደብረ ብርሃን ነበርኩ! አክስቴ አርፋ ከዓርብ መጋቢት 12 ጀምሮ የሐዘን ፈቃድ ወስጄ ነበር። ራሳቸው የፈረሙት ወረቀት አለ።

ቴሌግራሙ ላይ «ማርች 14» ነው የሚለው። እኔ ማርችን መጋቢት ብዬ 14ቱን እንዳለ ገለበጥኩት። ማርች 14 ስመልሰው መጋቢት 5 ሆነ፣ ዓርብ። መጋቢት 5 ደግሞ ከደብተሩ ቀድሞ ገብቷል። ያ ያስነበብኳችሁ ዓርብ እሱ ነው። አንዱን ሌሊት ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 13፣ ምሽት 2:50

እንኳን ዛሬ ወጣ። እኔ በዚያኛው ወገን ብሆን የፈቃድ ፋይልሽን አውጥቼ ከዝርዝርሽ ጎን ነበር የማስቀምጠው። ሌላ ምንም አያስፈልገኝም። «በፈቃድ ላይ በነበረችበት ቀን ትርፍ ሰዓት ሠራሁ ትላለች» ብዬ አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፍና የቀሩት ሃምሳ ሌሊቶች ሁሉ ይጠረጠራሉ።

አሁን እያንዳንዱ ቀን አጠገብ የሳምንቱን ቀን ጻፊ። ከቴሌግራም የመጣውን መጀመሪያ በፈረንጅ እንዳለ አስፍሪ፣ ከጎኑ ወደኛ መልሽ። ደብተሩ «ዓርብ» ብሎ ካላንደሩ «እሑድ» ካለ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ከዚያ ፈቃድ የወሰድሽባቸውን ቀኖች፣ የታመምሽባቸውንም፣ ለብቻ አውጥተሽ አስተያዪ።

---

ቦሌ_ሚካኤል27 · ሐምሌ 13፣ ምሽት 3:15

እኔ ሰርጌን በዚሁ ዓይነት ስህተት ለአዳራሹ ዘጠኝ ቀን አዛብቼ ነግሬያለሁ። መጋቢትና ማርች ስንት ቤት አፈረሱ።

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 15፣ ምሽት 4:20

ሁሉንም አስተያየሁ። ሌላ ስህተት አልተገኘም፣ መጋቢት ብቻ ከ10 ወደ 9 ወረደ። ከጥር እስከ ሰኔ 51 ሌሊት፣ 102 ሰዓት። ከታኅሣሡ 6 ሌሊት ጋር 57፣ 114 ሰዓት። ግን ሌሊት በሌሊት ከጻፍኩት 57 መስመር ነው። እንዴት አንድ ገጽ ይሆናል?

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 15፣ ምሽት 5:05

57ቱ ገጹ ላይ አይገቡም። እነሱ አባሪ 1 ናቸው፣ ሌሊት በሌሊት ሠንጠረዥ። ቴሌግራሙ አባሪ 2፣ የባንክ መልእክቶቹ አባሪ 3፣ የኃላፊዋ መልእክት ለብቻው አባሪ 4። ከደብተሩ የተመለከትሻቸውን ገጾች ብቻ ኮፒ አድርገሽ አባሪ 5 በያቸው። ስድቡ ያለበትን ቀለም አትቀቢበት፣ እንዳለ ይሁን። የተነካካ ደብተር አይታመንም። አንዱ ገጽ እነዚህን የሚያስይዝ ገመድ ነው። እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ «አባሪ 2፣ ገጽ 3» ይበል።

ወሮቹን በወር አጠቃልያቸው። ለብቻው መስመር የሚያገኘው ነገሩ የተቀየረበት ቀን ነው፦ ትእዛዙ የተሰጠበት፣ የጠየቅሽበት፣ መልስ የሰጡበት፣ ይከፈላል ያሉት ሳይከፈል የቀረበት። ልጀምርልሽ። ቀኖቹን አንቺ አስተካክዪ፦

*መስከረም 2016*። በካሸርነት ተቀጠርኩ። የሥራ ሰዓት ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4። (ውል፣ አባሪ 6)

*ሰኞ፣ ጥቅምት 18/2017*። የሺፍት ሱፐርቫይዘሩ በሥራ ቡድኑ ቴሌግራም «ሂሳብ ሳይዘጋ ካሸር አይወጣም» ሲል አዘዘ። (አባሪ 2፣ ገጽ 1)

*ታኅሣሥ 2017*። 6 ሌሊት፣ 12 ሰዓት። በታኅሣሥ 30 ደመወዝ አልተካተተም። (አባሪ 1፤ አባሪ 3)

*ጥር 2017*። 9 ሌሊት፣ 18 ሰዓት። በጥር 30 ደመወዝ አልተካተተም። (እንደላይኛው)

*ሰኞ፣ የካቲት 10/2017*። ለሱፐርቫይዘሩ በቃል ጠየቅኩ። «ከላይ ይወሰናል» አለኝ። (አብራኝ የነበረች የሥራ ባልደረባ ትመሰክራለች)

*ዓርብ፣ መጋቢት 19/2017*። የሰው ሀብት ኃላፊዋ የታኅሣሥና የጥር ትርፍ ሰዓት «በሚያዝያ ፔሮል ይገባል» ስትል ጻፈችልኝ። (አባሪ 4)

*ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30/2017*። የሚያዝያ ደመወዝ ገባ። ትርፍ ሰዓት አልተካተተም። (አባሪ 3)

እንዲህ እያልሽ እስከ ሰኔ 30 ሂጂ። «ብዙ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ሆን ብለው» የሚል ቃል ካየሽ ሰርዢው። ሐሳባቸውን አታውቂም። ያደረጉትን ነው የምታውቂው። የባልደረባሽን ስም ገጹ ላይ አትጻፊ። መጀመሪያ ጠይቂያት። ስሟ በምስክር ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ እሷም እዚያው ነው የምትሠራው።

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 15፣ ምሽት 5:20

ብሩንስ?

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 15፣ ምሽት 5:33

መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር። ደመወዝሽ ስንት ነው?

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 15፣ ምሽት 5:36

10,400።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 15፣ ምሽት 5:49

በሳምንት 48 ሰዓት ለዓመት ሲባዛና ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 10,400 ለ208 ስታካፍዪው ሰዓቱ 50 ብር ነው። በ1.75 ሲባዛ 87.50። ያንቺ 114 ሰዓት 9,975 ብር ይሆናል። ታኅሣሥን ለይተሽ አሳዪ፦ 1,050 የታኅሣሥ፣ 8,925 ከጥር እስከ ሰኔ። ታኅሣሡን በቴሌግራሙ ምክንያት ቢጥሉት እንኳ የቀረው ሳይነካ ይቆማል።

---

ራፖር_ጸሐፊ · ሐምሌ 16፣ ጠዋት 3:02

ይሄ ገጽ አምሮበታል፣ አልዋሽም። ዋናው አቤቱታ ላይ ግን ትንሽ ስሜት አይከፋም። ሰው ነው የሚያነበው።

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 18፣ ምሽት 3:55

14 መስመር ላይ ቆመ፣ አንድ ገጽ። ሁለት ቦታ ተቸገርኩ።

አንዱ፣ ሰኞ ግንቦት 11 በጽሑፍ ጠይቄያቸው ነበር። ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ቀሪ አላስፈረምኩም። መስጠቴን የሚያሳይ ነገር የለኝም። ላስገባው?

ሌላው፣ ያቺ ዓርብ። መጋቢት 5። ሰው ፊት የተሰደብኩባት። ልሰርዛት ብዬ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 18፣ ምሽት 4:30

የግንቦቱን አስገቢ፣ ግን እንዳለ ጻፊው፦ «ለጸሐፊ ሰጠሁ፣ የቀሪ ፊርማ የለኝም።» ደካማ መስመርሽን ራስሽ ከተናገርሽው ሌላው ይታመንልሻል። ፎቶ አንስተሽው እንደሆነ ስልክሽን እይ። የፎቶው ቀን ቢያንስ ደብዳቤው ያኔ እንደነበር ያሳያል። አሁን የምታስገቢውን ግን ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፣ መዝገብ ቤት በቀሪው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ያድርጉልሽ።

ዓርብን እኔ አልወስንልሽም።

---

እናት_ዓለም · ሐምሌ 18፣ ምሽት 4:41

አስገቢያት።

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 22፣ ቀን 10:15

ዛሬ አስገባሁ። ዓርብን ከገጹ አወጣኋት፣ ለብቻዋ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት ሄድኩ። አልሰጠኋቸውም። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

የተቀበለኝ ሰውዬ አቤቱታውን ገልጦ አልፎ ገጹን አወጣ። በእስክርቢቶው ከላይ ወደ ታች ወረደ። መጋቢት 19 ላይ ሲደርስ ቆመና «አባሪ 4 የቱ ነው?» አለ። ሰጠሁት። አነበበውና «ስልኩ አለሽ?» አለኝ። አለኝ አልኩት። ምንም ሳይል ማኅተም መታበት። ሆቴሉን ሊጠሩት ነው፣ ነሐሴ 6 ተቀጥሬያለሁ።

ባልደረባዬ ግን አልመሰክርም አለች። ልጆች አሏት። የየካቲት 10ሩን መስመር «በቃል ጠየቅኩ» ብቻ ብዬ ተውኩት።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 22፣ ቀን 11:02

ስልኩን እስከ ነሐሴ 6 እንዳትቀይሪ፣ ቴሌግራሙንም አጥፍተሽ እንዳትጭኚ። የሰጡሽን የገቢ ቁጥር ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ሐምሌንም መጻፍ አታቁሚ፣ አሁንም እያስቆዩሽ ነው አይደል?

---

ሰላም_ካሸር · ሐምሌ 22፣ ቀን 11:08

ትናንትም 6 ሰዓት ነው የወጣሁት።

---

ኪራይ_የሰለቸው · ሐምሌ 22፣ ምሽት 1:17

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔም አከራዬ ላይ እንደዚህ ዓይነት ገጽ መሥራት እፈልጋለሁ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ጨመረብኝ። ስድስት ወር የምትሉት ይርጋ ለኪራይም ይሠራል? ደግሞ እኔ ደብተር የለኝም፣ ሁሉንም በቃሌ ነው የማስታውሰው።

---

የቀድሞ_ፐርሶኔል · ሐምሌ 22፣ ምሽት 1:40

ያ የሥራ ሕግ ነው ወንድሜ፣ የኪራዩ ሌላ ነው፣ እሱን የሚያውቅ ጠይቅ። ግን ኪራዩን በባንክ ነው የምትከፍለው? ከሆነ የባንክ መግለጫህን አውጣ፣ ብሩ የተቀየረበት ወር እዚያ ላይ አለ። ለብቻው አዲስ ክር ክፈትና ለጥፈው።